ተከልክለው ያውቃሉ?

የምሠራበት ሱቅ ከቪዛ ማመልከቻ ማዕከሉ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ነጭ ጨርቅ የተወጠረበት የፎቶ መነሻ ጥግ፣ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር የሚንቋቋ አግዳሚ ወንበር። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ የምኖረው የሰው ፎርም እየሞላሁ ነው። አላማርርም። ማማረርም ጊዜ ይፈጃል።

ከፎርሙ ጥያቄዎች ሁሉ ሰው የሚጠላው አንዱን ነው፦ «ለዚህም ሆነ ለማንኛውም ሌላ አገር ቪዛ አመልክተው ተከልክለው ያውቃሉ?» እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ጣሪያ ያያሉ። አንዱ «አልተሳካም እንጂ አልተከለከልኩም» ይላል። ሌላው «እሱ እኮ በድሮው ፓስፖርት ነው» ይላል። አንዲት ሴትዮ «የከለከሉኝ እነሱ፤ እኔ ምን አጥፍቼ ነው የምናዘዘው?» ብላኛለች።

ስለዚህ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ለመድኩ። አንዴ ልክ እንደ ፎርሙ። አንዴ «የትም አገር፣ የፈለገው ዓመት፣ ፓስፖርቱ ቢቀየርም ቢጠፋም» ብዬ። ሦስተኛውን ሌላ ወሬ መሀል ጣል አደርገዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ ለሁሉም አንድ ነገር እላለሁ። መከልከል እንደገና ከማመልከት አያግድም። የክልከላውን ደብዳቤ አምጡ፣ ምክንያቱን አንድ በአንድ እንመልሳለን። አልተከለከልኩም ብላችሁ ከተገኘባችሁ ግን ነገሩ የቪዛ መሆኑ ይቀርና የውሸት ይሆናል፤ እስከ ዐሥር ዓመት የሚያግድ አገር አለ።

እናቴን ግን የጠየቅኋት አንድ ጊዜ ነው። እሱም ጥያቄ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ባሕር ማዶ አግብታ ትኖራለች። ከጡቷ የጀመረው ካንሰር ጉበቷ ላይ መድረሱን በክረምቱ መጀመሪያ ነገረችን። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እማዬ ስፌቷን አቁማ አፌን ታያለች።

«ምን አለች?»

«ናፍቃሻለች።»

«እሱን ተይው። ምን አለች?»

ነገርኳት። የለካችውን ጨርቅ አጠፈች፣ መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች፣ «ወረቀቱን ጀምሪ» አለች።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ለእህቴ ሠርግ አመልክታ ተከልክላለች። ያን ጊዜ ፎርሙን የሞላላት ኮሎኔል ነበር። ኮሎኔል ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ከማዕከሉ በር አጠገብ ጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ደላላ ነው። ማዕረጉን የሰጠው ራሱ ነው። የክልከላው ደብዳቤ ሁለት ምክንያት ይዞ ነበር። አንደኛ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ ሳምንት ሲቀረው የባንክ ሒሳቧ ላይ ዘመድ ያዋጣው ከፍ ያለ ገንዘብ ገብቶ ከየት እንደመጣ አልተገለጸም። ሁለተኛ፣ ጉብኝቷን ጨርሳ እንደምትመለስ የሚያሳይ ነገር የለም። እውነት ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ስለዚህ ፋይሉን ስሠራ እነዚህን ሁለት ነጥቦች ይዤ ተነሳሁ። የስድስት ወር የባንክ መግለጫ አወጣን፤ የገባውን እያንዳንዱን ብር ከደንበኛ ደረሰኝ ጋር አያያዝኩት። ዘመድ እንዳያስገባ አስጠነቀቅሁ፤ አጎቴ ተቀየመኝ፤ ይቀየም። ንግድ ፈቃዷን፣ የግብር ማረጋገጫዋን፣ የሱቋን የኪራይ ውል ጨመርኩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የትምህርት ቤት ውል ነበር፤ ሁለት መቶ ዐሥር ዩኒፎርም ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ልታስረክብ ፈርማለች። ተመላሽ ለመሆኗ ከዚህ የተሻለ ምን ይምጣ? ከእህቴ በኩል የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የባሏ የደሞዝ ማስረጃ፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ እናትና ልጅ መሆናቸውን የሚያሳይ የልደት ማስረጃ ከነትርጉሙ። ከላይ ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጻፍኩ፦ ባለፈው በዚህ ምክንያት ከልክላችሁኝ ነበር፤ መልሱ ገጽ ይህን ያህል ላይ ነው።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ድሮ አስተርጓሚ ነበሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። «ይኼ ፋይል» አሉ፣ «ሴት ቢሆን አገባው ነበር።»

ተከልክለው እንደሆነ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ስደርስ እማዬ ከጎኔ ነበረች። «አንድ ጊዜ ነው አይደል?» አልኩ፤ እያልኩም ጽፌ ጨርሼ ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ለባዕድ ሦስት ጊዜ የምጠይቀውን የወለደችኝን እናት አፏን እስክትከፍት አልጠበቅኋትም። ቸኩያለሁ፤ ውጭ ወረፋ አለ። እሷም ዝም አለች።

አሻራ ለመስጠት ያስገባኋት በቀጣዩ ሳምንት ነው። ስትወጣ አውራ ጣቷን እያሸች ነበር። ዕድሜ ልኩን መርፌና ጠመኔ የያዘ ጣት ማሽን አያነበውም።

«አራት ጊዜ አስደገመኝ» አለች አውቶቡስ ላይ ከተቀመጥን በኋላ። «የዚያኛው ግን ይብሳል። ስድስት ጊዜ ነው። ልጅቷ ራሷ ሰልችቷት ጣትሽን በልብስሽ ጥረጊ እያለች…»

«የትኛው ነው ያኛው?»

«ያኛው ነዋ። ሊፍት ያለው።»

እኛ አሻራ የምንሰጥበት ማዕከል ምድር ቤት ነው። ሊፍት የለውም።

«እማዬ። ሊፍት ያለው የት ነው?»

መስኮቱን ማየት ጀመረች። አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ ሄደ። ከፊታችን የተቀመጡት ሰውዬ ጆሯቸውን ወደኛ ሲያዞሩ በግልጽ ይታያል።

«የሠርጉ ጊዜ ከተከለከልኩ በኋላ» አለች በመጨረሻ፣ «እህትሽ እንገናኝ ብላኝ ነበር። ከእነሱ ጎረቤት ያለው አገር። እሷ በባቡር ትመጣለች፣ እኔ በአውሮፕላን። ሁለት ቀን። ኮሎኔል ሞላልኝ። እዚያም ከለከሉኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ‹ተይው፣ አርፈሽ ተቀመጪ› ብለሽኝ ነበራ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ትሠሪ ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው አያናግርሽም።»

«እኔ ስጽፍስ? ከጎኔ ተቀምጠሽ?»

«አንድ ጊዜ ነው አልሽ። ጽፈሽ ጨረስሽ። ‹ልጄ፣ ሌላም አለ› ልበልሽ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌታው፣ ፌርማታዎ አላለፈም?» አልኳቸው። እውነትም አልፎ ነበር። እየተሳደቡ ወረዱ።

ጭንቅላቴ ግን ሌላ ነገር ያሰላል። «በዚያኛው ፎርም ላይ ኮሎኔል ስለ መጀመሪያው ክልከላ ምን ብሎ ጻፈ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ‹እማማ፣ ፓስፖርትዎ አዲስ ነው። አዲስ ፓስፖርት ሙሽራ ነው፣ ያለፈ ታሪክ አይጠየቅም› አለኝ። ይፈርሙ አለኝ፣ ፈረምኩ።»

በቀጥታ ወደ ኮሎኔል ሄድኩ። እማዬን ሱቅ አስቀምጫት። ከጥላው ሥር ለአንድ ወጣት ክራባት እያሰረለት ነበር፤ ለቃለ መጠይቅ ክራባት ያከራያል።

«ጠበቃዋ መጣች» አለ። «ምን አጠፋሁ ዛሬ?»

«የእናቴን ሁለተኛ ማመልከቻ ፈልግልኝ። ደብዳቤውንም።»

«የቱን?»

«አዲስ ፓስፖርት ሙሽራ ነው ያልክበትን።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። የደንበኞቹን ማመልከቻ ሁሉ የሚልከው በራሱ ኢሜይል ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤያቸውም የሚመጣው ለእሱ ነው። እናቴ ያንን ደብዳቤ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ስልኩን ሲበረብር ሩብ ሰዓት ፈጀ። ተገኘ። የክልከላው ምክንያት የጉዞው ዓላማ አሳማኝ አይደለም የሚል ነው። እገዳ የለበትም። ፎርሙንም አወጣው። «ተከልክለው ያውቃሉ?» አይደለም።

«የተለያየ አገር ነው እኮ» አለ። «አንዱ የሌላውን በምን ያውቃል?»

«አሻራ ይለዋወጣሉ። ደግሞ ባይለዋወጡስ? ጥያቄው ማንኛውም አገር ነው የሚለው።»

«እሺ፣ ምክር ልስጥሽ፣ በነፃ። ዝም በይ። ገብቷል አይደል? ካልጠየቁ ምን አንገበገበሽ? ብትናገሪ ሁለት ውሸት ታወጪያለሽ፤ ያኔ የዋሸነውን፣ አሁን የረሳችሁትን። የተኛ ውሻ ለምን ትቀሰቅሻለሽ? ዝም ብትይ ግን ምናልባት ዜሮ ነው።»

የሚያናድደው፣ ስሌቱ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። እህቴ ጊዜ የላትም። ዝም ብንል ያልፍ ይሆናል። ብንናገር በእርግጠኝነት ፋይሉ ላይ ጥላ እናጠላለን። ደብዳቤውንና ፎርሙን ወደ ስልኬ አስላኩት። «ስሜን እንዳትጠሪ» አለ። «የትኛውን ስምህን?» አልኩት። ክራባት የታሰረለት ልጅ ሊስቅ ፈልጎ ፈራ።

ሱቅ ስመለስ እማዬ አግዳሚው ላይ፣ ጋሼ ከኮምፒውተሩ ኋላ። እሷ ነግራቸዋለች።

«ማመልከቻውን ማስወጣት ይሻላል ወይስ ማረም?» አልኳቸው።

«ብታስወጪ ሌላ ቀጠሮ ስትጠብቂ ወር ያልፋል። ውሳኔ አልተሰጠም፤ አርሚ። ዛሬውኑ። እነሱ ካገኙት የደበቀች ትባላለች፤ እኛ ካስቀደምን ግን የተሳሳተች ነው የምትባለው። በዚህ መሀል ያለው ልዩነት ዐሥር ዓመት ነው።»

«ሊከለክሉ ይችላሉ ግን።»

«ይችላሉ። ማን አይችሉም አለሽ?»

እማዬ ጣልቃ ገባች። «እኔ አልስማማም። ኮሎኔል ዝም ይሻላል ካለ…»

«ኮሎኔል!» አልኩ። «እዚህ ያደረሰን እሱ አይደል?»

«እዚህ ያደረሰን የእህትሽ ህመም ነው።» ድምጿ አልጨመረም። «ጠመመ ብለሽ ስፌት የምትፈቺው ጊዜ ሲኖርሽ ነው። እኔ ጊዜ የለኝም። ለበዓል የሚለበስ ልብስ ቢጠምም ይለበሳል።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመቤቴ፣ ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«እንግዲያው የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ደላላው አይጠየቅም፣ ልጅዎም አትጠየቅም። እና እርስዎ ይወስኑ። ዝም ብለው ከተያዙ ግን ልጅዎን ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ ከዚያ ወዲያም አያዩም። ይህን አውቀው ይወስኑ።»

ለእህቴ ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሦስታችንም እናውቃለን። እማዬ አውራ ጣቷን አሸች።

«ጻፊ» አለችኝ።

አንድ ገጽ ነው። ማመልከቻ ቁጥር፣ ስም፣ ፓስፖርት ቁጥር። ባስገባሁት ፎርም ላይ አንድ ክልከላ ብቻ ገልጫለሁ፤ ሁለተኛም አለኝ፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ አገር፣ ደብዳቤው ተያይዟል። ያኛው ፎርም የቀደመውን ክልከላ አልገለጸም፤ ሌላ ሰው የሞላው ቢሆንም ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ስህተቱን እንዳወቅን ራሳችን እያረምን ነው። ይቅርታ አላበዛሁም፤ ልመናም አልጨመርኩም። ጮክ ብዬ ተርጉሜ አነበብኩላት። «ሳላነብ የሚለውን አውጪው፣ መሃይም ያስመስለኛል» አለች። «እውነት ነው ግን» አልኳት። ተወችው። በማዕከሉ ድረ ገጽ በኩል ላክነው፤ የደረሰበትን ማረጋገጫ አተምኩ።

ሃያ ሦስት ቀን ጠበቅን። በእነዚያ ቀናት እህቴ በስልክ የምታወራው እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ዐሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ባሏ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይይዝላታል። እማዬ ዩኒፎርም እየሰፋች ታዋራታለች። «ስሚው» ትላታለች፣ የስፌት መኪናውን እያንቀሳቀሰች፤ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ ድምፅ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።

ውሳኔው መጣ። ኤንቨሎፑን እኔ ከፈትኩት። ተከልክላለች።

ቆሜ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ። ባለሥልጣኑ ያቀረብሽውን ማረሚያ ተመልክቷል፤ ሆን ብለሽ አታልለሻል ብሎ አልወሰነም። እገዳ የለም። ነገር ግን ከዚህ በፊት በተጻፈ ፎርም ላይ እውነት ያልሆነ ነገር መገለጹ የቃልሽን ክብደት ቀንሶታል። የሐኪሙ ደብዳቤ ደግሞ ሁለት ወር ያለፈው ነው፤ የታማሚዋን የአሁን ሁኔታ አይገልጽም፣ ጉዞው አሁን ለምን እንዳስፈለገ አያስረዳም። ይግባኝ የለውም፤ እንደገና ማመልከት ይቻላል።

የሐኪሙ ደብዳቤ። ባለፈው ክልከላ ላይ ሙጭጭ ብዬ፣ የደብዳቤውን ቀን አላየሁትም ነበር። ለባዕድ ቢሆን አየው ነበር።

«ምን ይላል?» አለች እማዬ።

«አይሆንም ይላል። ግን አላገዱሽም።»

«አላገዱኝም ማለት?»

«ነገ ማመልከት ትችያለሽ ማለት ነው።»

«ነገ ከለከሉኝስ?»

«ከነገ ወዲያ።»

«አንቺ ልጅ፣» አለች፣ «አንዳንዴ አፍሽ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቂም።» ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ኮሎኔል የሚለውን ሰምተን ዝም ብንል ምን ይሆን ነበር ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር። መልሱን እኔም አላውቀውም፤ አሁንም አላውቀውም።

ለእህቴ ባል ደወልኩ። አዲስ ደብዳቤ ያስፈልገኛል አልኩት። በሆስፒታሉ ማሕተም፣ በዚህ ሳምንት ቀን፣ ሁኔታዋን በግልጽ የሚናገር፣ የሐኪሙ ስልክ ያለበት። «ማለሳለስ አያስፈልግም» አልኩት። «ያለውን ይጻፉት።» «አልለሰለሰም» አለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደረሰ። ሱቅ ውስጥ አተምኩት። ሦስት አንቀጽ ነው። በሽታው በሕክምና የሚመለስ አይደለም፤ ሕክምናው ቆሟል፤ አሁን የሚደረግላት ሕመም ማስታገስ ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። እናቷን የማየት ፍላጎቷን ደጋግማ ገልጻለች።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እንዲህ ያለ ማስረጃ አይቼ አላውቅም። ቀን አለው፣ ማሕተም አለው፣ ለምን አሁን የሚለውን በአንድ መስመር ይመልሳል። መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። ደስ ብሎኝ ማብራሪያው ላይ የት እንደምጠቅሰው አስብ ነበር። ከዚያ ስሟን አነበብኩት።

ጋሼ ከትከሻዬ በላይ አነበቡ። መነጽራቸውን አወረዱ፣ ወደ ፎቶ ኮፒው ሄዱ፣ ወረቀት ሞልቶ ያለውን ማሽን ወረቀት ሞሉት።

እማዬ አግዳሚው ላይ ነበረች። ቋንቋውን አታነብም። «እንዴት ነው?» አለች። «ደብዳቤው ጥሩ ነው?»

«ጠንካራ ነው» አልኳት።

«ተመስገን።»

ከዚያ ፎርሙን ከፈትኩ። የተከለከሉበትን ለመዘርዘር ሦስት መስመር አለው። «ለዚህም ሆነ ለማንኛውም ሌላ አገር አመልክተሽ ተከልክለሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት፤ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አንስቼ ጠበቅኋት። ሦስቱንም ነገረችኝ፣ ከነቀናቸው፤ የአንዱን ቀን እንኳ አልሳተችም። «የትም አገር፣ ፓስፖርቱ ቢቀየርም?» ሦስት ነው አለች። ሻይ ላመጣልሽ ብዬ ተነሳሁና በር ላይ ዞሬ «ሌላ ያላሰብነው የለም አይደል?» አልኳት።

«ደነቆርሽ እንዴ? ሦስት ነው አልኩሽ።»

ሦስቱም መስመር ሞላ። ከሥሩ በትንንሹ የተጻፈ ነገር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይኼስ ምን ይላል?»

«ከሦስት በላይ ከሆነ በሌላ ወረቀት ይቀጥሉ ይላል።»

«እንግዲያው እነሱም ያውቃሉ» አለች።

የቅርቡ የአሻራ ቀጠሮ ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ደብዳቤውን አያይዘን ቀድሙልን ብለን ጠይቀናል፤ እስካሁን መልስ የለም። እማዬ ጣቶቿ እንዲነበቡ መርፌ መያዝም መኪናውን መንካትም ትታለች። ቫዝሊን ተቀብታ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች። ስልሳ ዩኒፎርም ይቀራል፤ ውሉ እንደሆነ ፋይሉ ውስጥ ያለ የመመለሻ ማስረጃችን ነው፤ ይህንን ነገርኳት። «አንቺ ቁልፍ ትከይ» አለችኝ። እየተከልኩ ነው፤ ጠማማ ነው።

ትናንት እህቴ ደወለች። ባሏ ስልኩን ያዘላት። መኪናው ለምን እንደማይሰማ ጠየቀች።